ዝምታን ወረቀት ላይ መጻፍ፦ የሚንጫጫ ታዳሚ በፋታና በዓይን እንዴት ይያዛል?

በእድር ጠቅላላ ጉባኤ፣ በወላጆች ስብሰባ ወይም በምረቃ በዓል ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ተናጋሪው መድረክ ላይ ወጥቶ ወረቀቱን ማንበብ ይጀምራል። ከኋላ የተቀመጡት ወሬያቸውን አላቋረጡም፤ አርፍደው የገቡት ወንበር ይጎትታሉ፤ የአንዱ ስልክ ይጮኻል፤ ሕፃን ያለቅሳል። ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የመድረክ መሪው ጣልቃ ገብቶ «እባካችሁ ጸጥታ!» ይላል። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ ይልና ተመልሶ ይንጫጫል። ስብሰባው ሲበተን ግማሹ ሰው ምን እንደተወሰነ ጎረቤቱን እየጠየቀ ይወጣል።

ብዙዎች እንዲህ ያለውን አዳራሽ ይዞ መናገር የተሰጥኦ ጉዳይ ይመስላቸዋል። ተሰጥኦ ድርሻ የለውም አይባልም። ነገር ግን አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው መድረክ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ንግግሩ ሲጻፍ ነው። እዚህ የምናየው ያንን ሥራ ነው፦ የት ላይ ዝም እንደሚባልና በዚያ ሰዓት ወደ ማን እንደሚታይ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ማስፈር።

«የተጻፈ ዝምታ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ንግግር ሲዘጋጅ ከቃላቱ ጋር ሁለት ዓይነት ምልክት አብሮ ይጻፋል። አንደኛው የፋታ ምልክት ነው። አንድ እዝባር (/) አጭር ትንፋሽ፣ ሁለት እዝባር (//) ሁለት ሰከንድ ያህል፣ ሦስት እዝባር (///) አራት ሰከንድ ያህል ዝምታን ያመለክታል። ሁለተኛው የዓይን ምልክት ነው። ከፋታው አጠገብ «መሐል»፣ «ኋላ»፣ «ግራ» ወይም «ቀኝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ተናጋሪው በዚያ ዝምታ ውስጥ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አቅጣጫ ማለት ነው። የምልክቶቹን መልክ ማንም እንደሚመቸው ሊቀይረው ይችላል። ዋናው ነገር ፋታውና ዓይኑ ተለያይተው አለመጻፋቸው ነው፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናያለን።

ጽሑፍን ለድምፅ ምልክት እያደረጉ ማሰናዳት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጻሕፍት ላይ ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶች ይሰፍራሉ። አንባቢው ከቃሉ በተጨማሪ ድምፁ እንዴት መሄድ እንዳለበት ከዚያው ገጽ ላይ ያገኘዋል። በሌላው ዓለምም የታወቁ ተናጋሪዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ዊንስተን ቸርችል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 በእንግሊዝ ፓርላማ በቃላቸው ሲናገሩ ሐሳቡ መሐል ላይ ጠፍቶባቸው ሳይጨርሱ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጽሑፍ ሳይዙ ትልቅ ንግግር አያደርጉም ነበር። ጸሐፊዎቻቸውም ንግግሩን እንደ ደብዳቤ በተያያዘ አንቀጽ ሳይሆን እንደ መዝሙረ ዳዊት በአጫጭር ስንኝ እየሰበሩ ይተይቡላቸው ነበር። መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ድምፁ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ድምፅን ከፍ ማድረግ ለምን አይሠራም?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰው በጫጫታ መሐል ሲሆን ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህ የሚሆነው ሰውየው ስለፈለገ አይደለም፤ የራሱን ድምፅ መስማት ሲያቅተው ሰውነቱ በራሱ ያስተካክለዋል። እስከ ዛሬም ክስተቱ በስማቸው ይጠራል።

አሁን ወደ አዳራሹ እንመለስ። ከኋላ ሁለት ሰዎች በሹክሹክታ ያወራሉ። ተናጋሪው ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ ድምፁን ሲያጎላ እነዚያ ሁለት ሰዎች መደማመጥ ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ ሹክሹክታው ወሬ ይሆናል። ከፊታቸው ያሉት ደግሞ ከነሱ በላይ ይጮኻሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም የሚጮኸው ከሁሉም በላይ ለመሰማት ነው፤ ጫጫታውን ያሳደገው ደግሞ ሊያስቆመው የፈለገው ሰው ነው።

ተናጋሪው ድንገት ዝም ሲል ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚሸፍናቸው ድምፅ ሲጠፋ ወሬኞቹ የራሳቸውን ድምፅ ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ ይሰሙታል፤ በዙሪያቸው ያለውም ሰው ይሰማቸዋል። ማንም ሳይቆጣቸው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

ሌላም ምክንያት አለ። ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በ10 የተለያዩ ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህ ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ጆሮአችን ለዚህ ፍጥነት የተገራ ስለሆነ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ሲያጋጥመው «ምን ሆነ?» ብሎ ይነቃል። ስልኩን እያየ የነበረውም ሰው ቀና ይላል። የሰማው ነገር ስለሳበው ሳይሆን ይሰማው የነበረው ስለተቋረጠ ነው።

ቡና የሚያፈላ ሰው ጀበናው ከእሳት እንደወረደ አይቀዳም፤ ማቶቱ ላይ ያሳርፈውና አተላው እስኪዘቅጥ ይጠብቃል። መድረክ ላይ እንደወጣ መናገር የሚጀምር ሰው የሚቀዳው ከነአተላው ነው።

ዝም ማለት ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። ብዙ ተናጋሪዎች «ሞክሬው አልሠራልኝም» የሚሉትም እዚህ ላይ ስለሚሳሳቱ ነው።

ተናጋሪው ወረቀቱን እያየ ዝም ካለ ታዳሚው የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ የሚያነብበት ቦታ ጠፍቶታል። ያዝንለታል፤ ከዚያ ወደ ወሬው ይመለሳል። ያንኑ ሁለት ሰከንድ አንድ ሰው ላይ ዓይኑን አሳርፎ ዝም ካለ ግን ዝምታው የእርሱ ፈቃድ መሆኑ ይታወቃል። ርዝመቱ አንድ ነው፤ ድምፁም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ዓይኑ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ፋታውና ዓይኑ አንድ ላይ የሚጻፉት ለዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ «ዝም በል» ብቻ ከተጻፈ ተናጋሪው በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚቀጥለውን መስመር ያነባል፤ ይህ የሁሉም ሰው ልማድ ነው። «ዝም፣ ወደ ኋላ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ዓይኑ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል።

ይህ ከተራ ጨዋታችንም የምናውቀው ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ አዳም ኬንደን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ባሳተሙት ሥራ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ዓይናቸው የት እንደሚሄድ ተከታትለዋል። ተናጋሪው ረዘም ያለ ንግግር ሲጀምር ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ወደ ሰሚው ይመልሳል። ሰሚው ተራው እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ ነው። መድረክ ላይ ወረቀት ይዞ የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ አረፍተ ነገሩን ሲጀምር ቀና ይላል፣ ሲጨርስ ወደ ወረቀቱ አቀርቅሮ የሚቀጥለውን ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ጥሩ ነገር ቢናገር የሚያሳርፈው ወረቀቱ ላይ ነው።

አማርኛ ሲሆን ምን ይለያል?

በአማርኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «የተሰበሰበው ገንዘብ ትናንት ማታ ከካዝናው…» ብሎ ያቆመ ሰው ገንዘቡ ይውጣ፣ ይጥፋ ወይም ይቆጠር ገና አልተናገረም። ሰሚው ሁሉንም በእጁ ይዞ ግሱን ይጠብቃል። ስለዚህ በአማርኛ ንግግር ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጉልበት ያለው የፋታ ቦታ ከግሱ ወይም ከመጨረሻው ቃል በፊት ያለው ነው። ተናጋሪው እዚያ ላይ ቀና ብሎ ለአንድ ሰከንድ ቢቆም ማንም ሰው ወሬውን ሊቀጥል አይችልም፤ ግማሽ አረፍተ ነገር በጆሮው ተንጠልጥሎ ቀርቷልና።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ደንብ ግሱን ለወረቀት አለመናገር ነው። ዓይን ከወረቀቱ የሚነሣው ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ሊያልቅ ሦስት አራት ቃል ሲቀረው ነው። እነዚያን ሦስት አራት ቃላት በቃል መያዝ ለማንም አይከብድም።

ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል። የጽሕፈት ቤት አማርኛችን ዋናውን ነገር መሐል ላይ ቀብሮ መጨረሻውን በባዶ ግስ ይዘጋዋል፦ «መሆኑ ይታወቃል»፣ «ተገልጿል»፣ «መረዳት ተችሏል»። ተናጋሪው በደንቡ መሠረት ቀና ብሎ፣ ታዳሚውን አይቶ፣ ዝም ብሎ «መረዳት ተችሏል» ቢል ያ ሁሉ ዝግጅት ባዶ ቃል ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ዝምታ የሚጻፍበት ንግግር ስለዚህ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። አዲሱ ነገር ወደ አረፍተ ነገሩ ጫፍ መምጣት አለበት።

በተግባር ምን ይመስላል?

ለምሳሌ ያህል የአንድ እድር ገንዘብ ያዥ ወርሃዊ መዋጮ ከ100 ብር ወደ 150 ብር እንዲያድግ ለጠቅላላ ጉባኤ ያቀርባሉ እንበል። መጀመሪያ የጻፉት እንዲህ ነው፦

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንደሚታወቀው ባለፈው ዓመት በጠቅላላው 12 የቀብር ሥነ ሥርዓቶችን ያስፈጸምን ሲሆን ለአንድ ቀብር የሚወጣው ወጪ ከ20 ሺህ ብር ወደ 32 ሺህ ብር ከፍ በማለቱ በአሁኑ ወቅት በካዝና የሚገኘው 96 ሺህ ብር ለሦስት ቀብር ብቻ የሚበቃ መሆኑን ከሒሳብ ሪፖርቱ መረዳት ተችሏል።»

መረጃው ሁሉ አለበት። ነገር ግን አባላቱን ማስደንገጥ ያለበት «ለሦስት ቀብር» የሚለው ቃል ከመሐል ተሸጉጧል፤ ከእርሱ በኋላም ሰባት ቃል ይከተለዋል። አረፍተ ነገሩ አንድ ስለሆነ የሚታረፍበት ቦታ የለም። ለዝምታ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

/// (መሐል፤ ገና ሳይናገሩ)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት። / (ግራ፣ ከዚያ ቀኝ)

ባለፈው ዓመት / 12 ሰው ቀብረናል። // (ኋላ)

በፊት ለአንድ ቀብር የምናወጣው 20 ሺህ ብር ነበር። / አሁን 32 ሺህ ብር ደርሷል። // (ግራ)

ዛሬ ካዝናችን ውስጥ ያለው ገንዘብ የሚበቃው // (ቀኝ) ለሦስት ቀብር ነው። /// (እዚያው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መሐል)

ስለዚህ ወርሃዊ መዋጮው ከ100 ብር ወደ 150 ብር እንዲያድግ / እንጠይቃለን። // (መሐል)

96 ሺህ የሚለው ቁጥር ወጥቷል። በጆሮ ሲሰማ ከሌሎቹ ጋር ይምታታል፤ «ሦስት ቀብር» ግን አይረሳም። ዝርዝሩን የፈለገ ሰው ከሪፖርቱ ያገኘዋል።

አሁን ገንዘብ ያዧ ሲናገሩ ምን እንደሚሆን በቅርብ እንከተል። መድረክ ላይ ወጥተው ወረቀቱን ያስቀምጡና ቀና ብለው አራት ሰከንድ ያህል መሐል ላይ ያለ አንድ ሰው ያያሉ። በዚህ ጊዜ የፊተኛው ረድፍ ጸጥ ይላል፤ የኋላው ገና ነው። «12 ሰው ቀብረናል» ብለው ወደ ኋላ ሲያዩ እዚያ ያሉት ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ፤ ያስታወሱትም ሰው ይኖራል። «የሚበቃው» ላይ ሲቆሙ ዓረፍተ ነገሩ ተንጠልጥሏል። ወደ ቀኝ አይተው ሁለት ሰከንድ ይጠብቃሉ፤ «ለሦስት ቀብር ነው» የሚሉትም ለዚያው ሰው ነው። ከዚያ ረጅሙ ዝምታ ይመጣል። አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዷ ለጎረቤቷ «ሦስት?» ትላለች። ይህ ዓይነቱ ማጉረምረም ጫጫታ አይደለም፤ ሰው የሰማውን እያሰበበት መሆኑን ያሳያል። እስኪያልቅ መጠበቅ እንጂ በላዩ መናገር አያስፈልግም።

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ባለሦስት እዝባሩ ዝምታ ሁለት ብቻ መሆኑንም ልብ ይሏል። አምስት ስድስት ቢሆን ታዳሚው ይለምደውና አምስተኛው ላይ ስልኩን ያወጣል።

ዓይን የሚያርፈው ማን ላይ ነው?

ግንብ ላይ ወይም ከሰው ራስ በላይ ባለ ባዶ ቦታ ላይ አይደለም፤ ታዳሚው ይህን ወዲያው ያውቀዋል። አንድ ሰው ላይ ነው። በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሩቅ ያለ አንድ ሰው ሲታይ በዙሪያው ያሉት ሦስት አራት ሰዎችም እያንዳንዳቸው የታዩት እነርሱ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ አራት አምስት ሰው በደንብ ማየት አዳራሹን በሙሉ ይሸፍናል። አንዱ ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል መቆየት ይበቃል። በለንደን የሳይንስ ሙዚየም 500 የሚጠጉ ጎብኚዎችን ያካተተና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት ሰዎች ዓይን ለዓይን መተያየት የሚመቻቸው በአማካይ ለ3.3 ሰከንድ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በጣም ሲያልፍ ማፍጠጥ ይሆናል።

ብዙ ተናጋሪዎች የሚያዩት የሚያወራውን ሰው ነው። ይህ ስሕተት ይመስለኛል። የሚያወራው ሰው በሕዝብ ፊት ተገለጠ፤ ወይ ያፍራል ወይ ይናደዳል፤ የተናደደ ሰው ደግሞ በጥያቄው ሰዓት ይመለሳል። መታየት ያለበት ከወሬኛው አጠገብ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ሰው ነው። እርሱ ሲታይ ጎረቤቱን በክርኑ ነካ ያደርገዋል። ጸጥታውን ያስከበረው ጎረቤቱ እንጂ ተናጋሪው አይሆንም፤ ማንም አልተዋረደም።

ታላቅን ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር አይደለም?

በእኛ ባህል ታናሽ ታላቁን ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው፤ ይህን የረሳ ወጣት ተናጋሪ አዳራሹን ሳይሆን ራሱን ያጣል። መፍትሔው ግን ፊት ወንበር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አለማየት አይደለም። ወደ እነርሱ ሲዞሩ ቆይታውን አጭር ማድረግና ራስን በትንሹ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ረጅሙን ዝምታ ደግሞ እነርሱ ላይ አለማሳረፍ ነው፤ እኩያ ወዳለበት ወደ መሐል ወይም ወደ ኋላ ይጻፍ። ወረቀቱ ላይ አቅጣጫ አስቀድሞ የሚጻፍበት አንዱ ጥቅም ይህ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው ምልክቱን በዚያ መሠረት ይጽፋል።

በተገላቢጦሹ፣ ታዳሚው ዓይኑን ዝቅ ስላደረገ አልሰማም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው በአክብሮት አቀርቅሮ ያዳምጣል። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች በመምህራን ፊት ዓይናቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ለብዙ ጊዜ እንደ ቸልተኝነት ወይም እንደ መደበቅ ይቆጠርባቸው ነበር፤ ለእነርሱ ግን ጨዋነት ነበር። ስለዚህ አዳራሹ እንደተያዘ የሚታወቀው ስንት ዓይን ወደ መድረኩ እንዳየ በመቁጠር ሳይሆን በእንቅስቃሴ ነው። ወንበር መንቋቋቱ፣ ወረቀት መንኮሻኮሹ፣ ሳሉ ከቀነሰ ተይዟል። በዝምታው ሁለተኛ ሰከንድ ላይ እነዚህ ከጨመሩ ግን ዝምታው ረዝሟል፤ ቶሎ ወደ ቃሉ መመለስ ይሻላል።

ሁለት ሰከንድን በምን ይለኳል?

መድረክ ላይ ልብ ስለሚመታ ጊዜው ለተናጋሪው ይረዝምበታል። አራት ሰከንድ ዝም ያልኩ ሲመስለው አንድ ሰከንድ ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በትንፋሽ መለካት ይሻላል። የዐረፈ ጎልማሳ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ አንዱ ትንፋሽ ገብቶ እስኪወጣ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ባለሦስት እዝባሩ ዝምታ አንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ ባለሁለቱ ደግሞ ማስገባቱ ብቻ ነው። ትንፋሹ በራሱ ድምፁንም ያረጋጋዋል።

ወረቀቱም ሊያግዝ ይገባል። ፊደሉ ትልቅ፣ መስመሩ አጭር ይሁን፤ ጽሑፉም የገጹን ታችኛ ሲሶ ይተውለት። ወደ ገጹ ግርጌ የሚያነብ ሰው ራሱን አቀርቅሮ ስለሚቀር ቀና ማለቱ ያስቸግረዋል። አረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር፤ ከተሻገረ ዝምታው የወረቀት መገልበጫ ይሆናል። በቋሚ ማይክሮፎን የሚናገር ሰው ደግሞ ዓይኑን የሚያዞረው በዝምታው ውስጥ ይሁን። እየተናገረ ራሱን ወደ ግራ ካዞረ ድምፁ ይጠፋል፤ ግራ ያሉትን አየሁ ሲል ቀኙን ያጣል። በቋሚ ማይክሮፎን ላይ ራስን ተናግሮ ካበቁ በኋላ ማዞር፣ ወይም ዓይንን ብቻ ልኮ አፍን ባለበት መተው ያዋጣል።

መቼ አይሠራም?

ዝምታ የሚሠራው በሰለቸ፣ በደከመ ወይም በተዘናጋ ታዳሚ ላይ ነው። ሊረብሽ በመጣ ሰው ላይ አይሠራም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ ለመናገር ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኩ። የሮማኒያው ተወካይ ኒኮላይ ቲቱሌስኩ «አረመኔዎቹን ወደ ውጭ!» ብለው ጮኹ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መልስ ሳይሰጡ፣ ሳይቀመጡም፣ ሁካታው እስኪበርድ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ በአማርኛ ንግግራቸውን ጀመሩ። ያ አቋቋም እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገር ግን ጋዜጠኞቹን ያስወጣቸው ጸጥታ አስከባሪ እንጂ ዝምታው አልነበረም። ዝምታው ያደረገው ሌላውን ጉባኤተኛ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ማቆየት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱን ሥራ መለየት ያስፈልጋል፦ ረባሹ ለመድረክ መሪው፣ ቀሪው ታዳሚ ለተናጋሪው።

ርዝመትም ወሰን አለው። መጋቢት 24 ቀን 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ያኔ ኤማ በሚል ስም የሚታወቁት ተማሪ ጎንዛሌዝ በዋሽንግተን በተደረገ ትልቅ ሰልፍ ላይ ጥቂት ተናግረው ከአራት ደቂቃ በላይ ወደ ፊት እያዩ ዝም ብለው ቆሙ። አስቀድሞ የታቀደ ዝምታ ነበር፤ ማብቂያውም በሰዓት ደወል የተወሰነ ነበር። መድረክ ላይ የቆሙበት ጠቅላላ ጊዜ በትምህርት ቤታቸው 17 ሰዎች የተገደሉበት ተኩስ የፈጀው 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ትርጉሙ ግን ለታዳሚው የተገለጸው መጨረሻ ላይ ነበር። መሐል ላይ ከሕዝቡ ብዙዎች ግራ ተጋብተው መፈክር አሰሙ። ያን ያህል ዝምታ ራሱ መልእክት ሲሆን ብቻ የሚደፈር ነው። ለመዋጮ ጭማሪ የሚሆን አይደለም።

በእኛ አዳራሽ ደግሞ ዝምታ ባዶ አይቀርም፤ ታዳሚው ይሞላዋል። በሰርግ እልልታ፣ በጸሎት ቤት «አሜን»፣ በስብሰባ ጭብጨባ ይመጣል። እነዚህ ሲመጡ መጠበቅ እንጂ መሻማት አይገባም። እንዲመጡ በማይፈለግበት ቦታ ግን ፋታው ከአረፍተ ነገሩ በኋላ ሳይሆን ከመጨረሻው ቃል በፊት ይጻፍ፤ ሰው ያላለቀ አረፍተ ነገር አያጨበጭብለትም።

አስተርጓሚ ሲኖር ወይም በስክሪን ሲሆንስ?

በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያውያን ስብሰባዎች ንግግሩ ብዙ ጊዜ በአስተርጓሚ ይሄዳል። አስተርጓሚው ተናጋሪው ዝም ሲል ተራዬ ደረሰ ብሎ ይገባል፤ ከግሱ በፊት ያለው ዝምታ ላይ ከገባ ደግሞ ያልተነገረውን ሊተረጉም ነው። ምልክት የተደረገበት ወረቀት ቅጂ አስቀድሞ ሊሰጠው ይገባል፤ ባለእዝባሮቹ ፋታዎች የማን እንደሆኑም ይነገረው።

በኢንተርኔት በሚተላለፍ ስብሰባ ላይ ሦስት ሰከንድ ዝምታ መስመሩ የተቋረጠ ያስመስላል። «ይሰማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚያ ከሁለት ሰከንድ ማለፍ አያዋጣም፤ ዓይኑም ማየት ያለበት የካሜራውን ቀዳዳ እንጂ በስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት አይደለም። የሚያያቸው ሰዎች ፊት ከካሜራው በታች ስለሚሆን ለእነርሱ አቀርቅሮ የሚያነብ ይመስላቸዋል። ከካሜራው አጠገብ አንድ እዝባርና አንድ ነጥብ በወረቀት ጽፎ መለጠፍ ለብዙ ሰው ይሠራል።

ልምምዱን በስልክ ቀርጾ ማዳመጥ ተገቢ ነው፤ ለማስተካከል ግን ቃሉን ሳይሆን ክፍተቶቹን ብቻ በሰዓት መለካት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚቀረጸው ሁሉም ፋታ አጭር ሆኖ ይገኛል። ከዚያ አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ወረቀቱን ሳይሆን የአንባቢውን ዓይን እንዲከታተል ይደረጋል፤ ግሱ ላይ ዓይኑ ወደ ወረቀቱ በወረደ ቁጥር እጁን ያነሣል። እጁ የተነሣባቸው መስመሮች ይሰመሩና እንደገና በአጫጭሩ ይጻፋሉ።